የተላጨ ጥላ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የወንዳወቅን ኮፍያ የማያውቅ የለም፤ ከኮፍያው ሥር ያለውን የሚያውቁት ግን ጥቂት ናቸው። ሰውየው ኮፍያውን የሚያወልቀው ቤተ ክርስቲያን ሲገባና ሲተኛ ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን ከሰው ሁሉ ኋላ ዐምድ ተጠግቶ ነው የሚቆመው። ፀጉሩ ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ተሰናብቶት ሄደ። መጀመሪያ ከግንባሩ ለቀቀ፣ ቀጥሎ ከመሐል አናቱ፣ በዳርና በዳር የቀረችውን ደግሞ ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካዩ ምስክር በየቅዳሜው ሙልጭ አድርጎ ይላጭለታል።

እንጀራው ፎቶ ቤት ነው። እጁ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ሱፍ የሌለውን ሱፍ ያለብሳል፣ በሕይወት የሌለውን አባት ከሙሽራዋ ጎን አምጥቶ ያቆማል፣ ዐይኑን የጨፈነውን ሚዜ ዐይኑን ይገልጥለታል። ከጅጋም ከሽንዲም «ለወንዳወቅ ስጡት» እየተባለ ፎቶ ይመጣል። ለሰው ሁሉ የጎደለውን ሲሞላ የኖረ ሰው ለራሱ አንዲት ዘለላ ፀጉር ማብቀል አቃተው። እግዜር እንዲህ ነው፣ ሲፈልግ ይቀልዳል።

ይህ ሁሉ ባልከፋ ነበር፤ ያምሮት ባትመጣ።

ያምሮትን ያገኘችለት አክስቱ እትዬ ታንጉት ናት። ለዘመድ ሠርግ ቡሬ ወርዳ አየቻትና «ልጅ ናት ብዬህ ነው? ወርቅ ናት!» ብላ መጣች። ስልክ ተለዋወጡ። ከጥምቀት ወዲህ ማታ ማታ ሲያወሩ፣ እሱ ስለ ደንበኞቹ ሲያወጋት፣ እሷ ስትስቅ፣ ነገሩ ሥር ሰደደ። ማድበስበስ አያስፈልግም፣ ወንዳወቅ ወደዳት። ስልኩ ሲጮህ እጁ ላይ ያለውን ሙሽራ ግማሽ ሱፍ አልብሶ ትቶት ይነሣል።

ሳቋ ይጥማል፤ ሙያዋ ግን ያስፈራል። ያምሮትም ቡሬ ፎቶ ቤት ነው የምትሠራው። ፎቶ አንሺ ብቻ አይደለችም፣ ቀን ከሌት ኮምፒውተር ላይ ተተክላ የሰው ፊት የምታቃና፣ የተለጠፈን ነገር ከምስር ውስጥ ጠጠር እንደምትለቅም ሴት የምትለይ ናት። በቴሌግራም የላከላት ፎቶ ሁሉ ባለ ኮፍያ ነው። አንድ ቀን እንዲህ ጻፈችለት፦ «አባቴ ፎቶህን በወረቀት ማየት ይፈልጋል። እባክህ ኮፍያ የሌለው ይሁን።»

አባቷ አያ ሐብቴ ከቡሬ ወጣ ብሎ ያሉ ገበሬ ናቸው። «በስልክ ያየሁት ሰው ስልኩ ሲዘጋ ይጠፋብኛል፤ በእጄ የምይዘው ይምጣልኝ» ብለዋል አሉ። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሽማግሌ መላክ አለበት፤ ሽማግሌው ከመሄዱ በፊት ደግሞ ፎቶው መድረስ አለበት።

ወንዳወቅ እውነቱን ሊነግራት አልሞከረም አይባልም። ያን ማታ ደወለላት።

«ያምሮት፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር።»

«ምን?» አለች፣ ጆሯን ስትሰጠው በስልኩ ይሰማል።

«ቡሬ . . . ብርድ አለ?»

«አለ» አለች። «ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ደህና እደሪ።»

ስልኩን ዘግቶ ራሱን በጥፊ መታ። የመታው መላጣውን ስለሆነ ጥሩ አድርጎ ጮኸ።

በማግሥቱ መላ አገኘ፤ መላ ከተባለ። ከደብረ ማርቆስ ኮሌጅ ሲመረቅ የተነሣው ፎቶ አለ። የምረቃ ቆቡን በእጁ ይዞ ሜዳ ላይ ቆሟል፤ ፀጉሩ ደግሞ፣ አቤት ያ ፀጉር! ጥቅጥቅ ያለ፣ ወደ ግራ የተኛ፣ ፀሐይ ያረፈበት። «የሰው ፀጉር ብወስድ ውሸት ነው፤ ይህ ግን የራሴው ነው፤ ቦታው ነው የምመልሰው» አለ ለራሱ። ሰው ራሱን ለማታለል ሲነሣ ጠበቃ አያጣም።

በመጀመሪያ ፎቶ ቤቱ ውስጥ በመስኮቱ ብርሃን ተነሣና የድሮውን ፀጉር ቆርጦ ጫነበት። ጭኖ ወደ ኋላ ተደግፎ ቢያየው ሊያስቀው ደረሰ። መስኮቱ በግራው ስለነበር ግራ ጉንጩ በርቷል፣ ቀኙ ጨልሟል። ፀጉሩ ግን የሜዳ ፀሐይ በቀኝ በኩል የመታችው ነውና ቀኙ ያብረቀርቃል፣ ግራው ጥቁር ነው። ፊቱ ጧት ላይ፣ ፀጉሩ ማታ ላይ የተነሣ ይመስላል። አንድ ራስ ላይ ሁለት ፀሐይ ወጣ።

የተለመደችዋን ዘዴ ሞከረ፤ ፀጉሩን እንደ መስተዋት ግራ ቀኙን ገለበጠው። አሁን ብርሃኑ ከአንድ ወገን መጣ። ደስ ብሎት ምስክርን ጠራው። ምስክር ምላጩን እንደያዘ ገባ፣ ፎቶውን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ይህ ወንድምህ ነው?»

«እኔ ነኝ እንጂ!»

«አንተ አይደለህም። ያንተን ፀጉር ስንት ዘመን ቆርጬዋለሁ፤ ወደ ግራ ነበር የሚተኛው። ይህ ወደ ቀኝ ተኝቷል። ደግሞ ምኑም ምኑም አልገጠመም፤ ፊትህ ጥላ ውስጥ እንደተቀመጠ ሰው ነው፣ ፀጉሩ ግን እርሻ ላይ ውሏል።»

ምስክር አፉ ይክፋ እንጂ አልዋሸም። ሲገለበጥ አቅጣጫው ገጠመ፣ የብርሃኑ ጠባይ ግን አልገጠመም። በመስኮት የሚገባ ብርሃን ለስላሳ ነው፤ ጥላው ቀስ እያለ ይደበዝዛል እንጂ ዳር የለውም። የሜዳ ፀሐይ ግን ጥላዋ በቢላ የተቆረጠ ነው። ወንዳወቅ ይህን ለደንበኛ ሲሆን ያውቀዋል፤ ለራሱ ሲሆን ጠፋበት።

«ፀጉሩን ወደ ፊቱ ብርሃን ማምጣት ከንቱ ነው» አለ ተነሥቶ። «ፊቱን ወደ ፀጉሩ ብርሃን ልውሰደው።»

የምረቃውን ፎቶ አጉልቶ መረመረ። የአፍንጫው ጥላ በግራ ጉንጩ ላይ ቁልቁል ዘንበል ብሎ ወድቋል፤ የአገጩ ጥላም አንገቱ ላይ በግራ በኩል ነው። ስለዚህ ፀሐይዋ ከፊቱ በቀኙ፣ ከፍ ብላ ነበር። ጧት ትሁን ማታ ደንታ የለውም፤ ፊቱን ከየት እንደመታችው ነው ነገሩ። ግቢ ውስጥ ያለውን በኖራ የተቀባ ግድግዳ ተጠግቶ ቆመ። ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ወደ ቀኙ እስክትዞርና የአፍንጫው ጥላ ከምረቃው ፎቶ ጋር እስኪመሳሰል ጠበቀ። መስተዋት ይዞ አፍንጫውን ሲመለከት የዋለ ጎረምሳ እንጂ ባለሙያ አይመስልም ነበር። ካሜራውን ምስክር ያዘለት።

«ሳቅ» አለው ምስክር።

«በምረቃው አልሳቅሁም፤ አትረብሸኝ፣ ተጫን!»

ከዚያ በኋላ የሠራው ሥራ ሥራ ነው፤ እውነቱ መነገር አለበት። ፀጉሩን ጫነ፤ ቀኙ ላይ የፀሐይዋ ነጸብራቅ፣ ግራው ላይ ጥቁረቱ፣ ከፊቱ ጋር አንድ ሆነ። ግን ፀጉር ቆብ አይደለም፤ ጥላ ይጥላል። በግንባሩ ላይ ከፀጉሩ ሥር ሥር ቀጭን ጥላ ቀባ፣ ከሥሩ ጠቆር፣ ዝቅ ሲል ሳሳ አድርጎ፣ ወደ ግራ በዛ እያደረገ። መላጣው ያብረቀረቀባትን ግንባር አደበዘዘ፤ ፀጉር ቢኖር ያች ቦታ ፀሐይ አታገኝማ። የግራ ጆሮውን ጫፍ ሳይቀር አጠቆረ። የፀጉሩን ቀለም ከቆዳው ጋር እስኪስማማ ትንሽ ሞቅ አደረገው። ሲጨርስ ልቡ ዘለለ። መስተዋት ያላሳየውን ወንዳወቅ ኮምፒውተሩ አሳየው፤ ዐይኑ እንባ አቀረረ፣ በናፍቆት።

ሁለት አተመ። አንዱን በፖስታ አሽጎ ለእትዬ ታንጉት ሰጣት። ሌላውን እዚያው ፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፈው፤ ምን ይደረግ፣ ሰው በደስታው ጊዜ አስተዋይ አይደለም።

እትዬ ታንጉት በማግሥቱ ጧት ነጠላዋን አጣፍታ ቡሬ ሄደች። ወንዳወቅ እያፏጨ የመታወቂያ ፎቶ ሲቆርጥ ምስክር ስለት ሊዋስ ገባ። ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ሲያይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቀረብ አለ። ራቅ አለ። አንገቱን ጠመዘዘ።

«ሥራው እንዴት ነው?» አለ ወንዳወቅ እየተኩራራ።

«ሥራው ግሩም ነው» አለ ምስክር። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ጥላህን ማን ላጨው?»

«ምን?»

ምስክር በጣቱ አሳየው። ከወንዳወቅ በስተግራ፣ በኖራው ግድግዳ ላይ፣ የራሱ ጥላ ቆሟል። ባለ ፀጉሩ ሰው ጎን የቆመው ጥላ እንደ ቅል የለሰለሰ፣ አንዲት ፀጉር የሌለው፣ ጆሮዎቹ ብቻ የተገተሩ መላጣ ነው።

«እኔ ቀኑን ሙሉ የራስ ቅርጽ ነው የማየው» አለ ምስክር፣ እንደ ማጽናናት። «ሌላ ሰው ላያስተውለው ይችላል።»

«እሷ ታስተውላለች!» ወንዳወቅ ጩኸቱ ውጭ ድረስ ተሰማ። ራሱ ላይ የበቀለውን ሲያይ፣ ሲያይ፣ ከኋላው ያለውን ግድግዳ ረሳው። ፀጉር ግንባር ላይ ጥላ እንደሚጥል ያሰበ ሰው፣ ግድግዳ ላይም እንደሚጥል ሳያስብ ቀረ። «ወይኔ ወንዳወቅ! ወይኔ!»

ለእትዬ ታንጉት ደወለ። አታነሣም፤ መኪና ላይ ስትሆን ስልኳን ጡቷ ሥር ትወሽቀዋለች። ኮምፒውተሩ ላይ ተደፋ። የፀጉሩን ቅርጽ ገልብጦ፣ የግድግዳውን ጥላ ቀለም አልብሶ፣ ዝቅ አድርጎ፣ ወደ ግራ ገፍቶ መላጣው ጥላ አናት ላይ አስቀመጠው። ጥላውም ጎፈሬ አበቀለ። አተመ፣ ኪሱ ከተተ፣ ኮፍያውን ደፋ፣ በባጃጅ መናኸሪያ በረረ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ድረስ ስንት ጊዜ እንደወረደና እንደወጣ ረዳቱ ይንገረው። ማንኩሳ ላይ ሦስት በግ የያዘ ሰው ሲጫን ሊያለቅስ ቃጣው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የወንዳወቅ ግን ገና ሳያድር ነው የቀለለው።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። ፖስታው ካልተከፈተ ይለውጠዋል። ከተከፈተም «ተሳስቶ ነው፣ ትክክለኛው ይህ ነው» ይላል። ይህን እያለ ሲለማመድ ልቡ ግን እየደጋገመ አንድ ነገር ይነግረዋል፤ ይህች ልጅ ካመለጠችህ ሌላ የለህም።

ቡሬ ወርዶ ያምሮት የምትሠራበትን ፎቶ ቤት እየጠየቀ አገኘው። በሩ ላይ ቢደርስ እትዬ ታንጉት ውስጥ ተቀምጣ ለስላሳ ትጠጣለች።

«አንተ! ምን ሆነህ መጣህ? ደህና አይደለህም?» ብላ ተነሣች።

ያምሮት ኮምፒውተሩ ፊት ነበረች። በአካል ሲያያት የመጀመሪያው ነው። ከፎቶዋ ትበልጣለች፤ አንዲት ነገር ያልተነካካች፣ አፍንጫዋ ላይ ጠቃጠቆ ያላት። ቀና ብላ አየችው፣ ከኮፍያው ጀምራ።

«ወንዳወቅ? ቁጭ በል። ልጨርስ ትንሽ ቀርቶኛል» አለች፣ ማውዙን ሳትለቅ።

ፖስታው ጠረጴዛው ላይ ተቀድዶ ተቀምጧል። ወንዳወቅ እጁን ኪሱ ከተተ፣ ፎቶውን ጨበጠ፣ የተለማመደውን ንግግር ፈለገ፤ አጣው።

«ይኸው» አለች ያምሮት፣ የኮምፒውተሩን ፊት ወደ እሱ አዙራ።

ያው ፎቶ ነው፣ ከወረቀቱ ወደ ኮምፒውተሩ ያስገባችው። ያው ሸሚዝ፣ ያው ግድግዳ፣ ያው መላጣ ጥላ። ግን ፀጉሩ የለም። በፀጉሩ ቦታ መላጣ ራስ ተቀምጧል፣ ከጥላው ጋር ልክ የሆነ፣ በቀኙ አናት ላይ ፀሐይ ያረፈችበት። ቁርጥ እሱ ነው።

«እንዴት . . .» አለ።

«ልኩን ከጥላው ወሰድሁት። ቆዳውን ከግንባርህ። ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ የአፍንጫህ ጥላ ነገረኝ» አለች። «ሥራህ ጥሩ ነበር ወንዳወቅ። የግንባሩን ጥላ ሳይ እጅህን አደንቄያለሁ፤ አምኜ ልጨርስ ነበር እኮ። ከዚያ ግድግዳውን አየሁት። ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል አልሁ። ጥላውን ማንም አልነካውም፤ ስለዚህ ጭንቅላቱን ለጥላው አስተካከልሁት።»

እትዬ ታንጉት ጠርሙሷን አስቀመጠች። «እኔ የለሁበትም! ታሽጎ ነው የተሰጠኝ!»

ወንዳወቅ ኪሱ ውስጥ ያለውን ፎቶ አሰበ። አሁን ቢያወጣው፣ «ያ ረቂቁ ነው» ቢል፣ ምናልባት ይሆንለታል። አወጣው። ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ይህን ልለውጥብሽ ነበር የመጣሁት» አለ። ውሸቱ በአፉ ሞልቶ ሳለ እውነቱ እንዴት ቀድሞ እንደወጣ እሱም አያውቅም።

ያምሮት አንሥታ ወደ ብርሃን አስጠግታ አየችው። ባለሙያ ናትና መጀመሪያ የታያት ሥራው ነው። «የጥላውን ዳር ትንሽ ማለስለስ ነበረብህ፤ ጥላ ከሚጥለው ነገር በራቀ ቁጥር ዳሩ ይደበዝዛል። ቸኩለሃል።» ቀጥላ ፎቶውን አስቀመጠችው። «ግን ይህን ቀድመህ ልከኸው ቢሆን አምንህ ነበር።»

ይህ ቃል ወንዳወቅን ከስድብ በላይ አመመው። ሥራው ቢሳካ ኖሮ ምን ሊሆን እንደነበር ያኔ ገና ታየው፤ ሠርጉ ደርሶ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ እሱ ኮፍያውን ማውለቂያ ቀን አጥቶ።

«ፈራሁ» አለ። «ያምሮት ሙች፣ ፈራሁ። ልነግርሽ ደወልሁ፤ አፌ ላይ ብርድ መጣ።»

«የቡሬን ብርድ የጠየቅኸኝ ማታ?» አለችና ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ያዘችው። «ሞኝ! በዚያ ሁሉ ፎቶ አንዴ ኮፍያውን ያላወለቀ ሰው ሥሩ ምን እንዳለ ያልጠረጠርሁ መሰለህ? እዚህ ቡሬ ስንት መላጣ በእጄ አልፏል። ኮፍያ የሌለው ላክ ያልሁህ ፀጉርህን ለማየት አልነበረም፤ ትነግረኝ እንደሆነ ለማየት ነበር። አባቴም ኮፍያ አላለም፤ ያ የኔ ቃል ነው።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ሳትነግረኝ ስትቀር ከፋኝ። በጣም ከፋኝ። ጥላህ ቀድሞ ነገረኝ፤ አንተም አሁን ባትነግረኝ ኖሮ ላንተ አልሆንም ነበር።»

እትዬ ታንጉት በነጠላዋ አፏን ያዘች፤ ከዚያ በፊት ሆኖ አያውቅም።

ወንዳወቅ እጁን ወደ ራሱ አነሣ። ቤተ ክርስቲያን በራፍ ላይ ከማውለቅ የከበደ ማውለቅ ነበር። ኮፍያውን ጠረጴዛው ላይ፣ ከሁለቱ ፎቶዎች መሐል አስቀመጠው። አናቱን ነፋስ ሲነካው ጆሮው ድረስ ቀላ።

ያምሮት ተነሥታ መጣች።

«እዚያ ተቀመጥ» አለችው፣ የመታወቂያ ፎቶ የሚነሣበትን በርጩማ እያሳየችው። ከኋላው ነጩ ግድግዳ ነው። መብራቱን በማቆሚያው ጎትታ በቀኙ አቆመችው፣ ከፍ አደረገችው፣ ወደ ፊቱ አዘነበለችው። የአፍንጫውን ጥላ አየች፤ መብራቱን ትንሽ አነሣችው፤ አሁንም የአፍንጫውን ጥላ አየች። ወንዳወቅ ምን እየሠራች እንደሆነ ገባው። የምታደርገውን እሱም መስተዋት ይዞ ሲያደርገው ውሏልና ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ተቀመጠ።

ወደ ኋላ ሄደች። አንዴ እሱን፣ አንዴ ከግራው ያለውን ግድግዳ፣ አንዴ ኮምፒውተሩን አየች። ግድግዳው ላይ ክብ፣ ለስላሳ፣ ባለ ሁለት ጆሮ ጥላ ተቀምጦ ይጠብቃል።

«ገጠመ» አለች።

«ምኑ ነው የገጠመው?» አለች እትዬ ታንጉት፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እያየች።

ያምሮት ኮምፒውተሩ ጋ ተመልሳ መላጣውን ፎቶ አተመችው፣ ፖስታ ውስጥ ከተተችው፣ ለእትዬ ታንጉት ሰጠቻት። «ይህን ለአባቴ ያድርሱልኝ፤ ሽማግሌ ይምጣ ብላለች ይበሉልኝ።»

ጎረቤት ያለው ሻይ ቤት በሙሉ የእትዬ ታንጉትን እልልታ ሰምቶ ወጣ። ወንዳወቅ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ መብራቱ አናቱን እያሞቀው ቆየ፤ በኋላ ኮፍያውን ቢፈልግ ያምሮት መሳቢያ ውስጥ ዘግታበት ነበር።